ይዞራል ግን አይነሳም፦ ለወራት የቆመ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ምን ነክቶት ነው?

ገመዱን ሲስቡት ሞተሩ ይዞራል። አልደረቀም፣ አልተጣበቀም፣ ድምፁም እንግዳ አይደለም። ግን አይነሳም። ደግመው ይስባሉ፤ አሁንም አይነሳም። ባለቤቱ «ሳስቀምጠው እኮ ደህና ነበር» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ ወይም ሞተርሳይክል ለወራት ሳይነካ ሲቆም በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

በዚህ ጊዜ ሰው ወይ ትከሻው እስኪዝል ይጎትታል፣ ወይ አዲስ ካንዴላ ገዝቶ ይቀይራል፣ ወይ «ሞተሩ አልቆለታል» ብሎ ይደመድማል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለቀም የተሰበረም ነገር የለም። ችግሩ ከስፌት መርፌ በቀጠነች አንዲት ቀዳዳ ውስጥ ነው። ይህ ማብራሪያ በዋናነት ስለዚያች ቀዳዳ ነው።

«ይዞራል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሲዞር የሚያዩት በራሱ ኃይል የሚሠራ ሞተር አይደለም፤ ክንድዎ ወይም ሞተሪኖው እያሽከረከረው ነው። መዞሩ የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይጣበቅ ይመላለሳል። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን ለመነሳት አይበቃም።

ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ጊዜ ኃይል ለመስጠት ፒስተኑ አራት ጉዞ ያደርጋል። ሲወርድ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፣ ሲወጣ ያንን ድብልቅ ያምቃል፣ ድብልቁ ተቃጥሎ መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል፣ በመጨረሻ እየወጣ ጭሱን ያስወጣል። ከአራቱ ኃይል የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ኃይል ይበላሉ። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር አንዱ ቢያኮርፍ ሦስቱ ይሸከሙታል፤ ሞተሩ እየተንገጫገጨም ቢሆን ይነሳል። ባለ አንድ ሲሊንደር ግን የሚሸከምለት ወንድም የለውም። ትልቅ ሞተር ላይ መንገጫገጭ ብቻ የሚያመጣ እንከን እዚህ ጭራሽ አለመነሳት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለመነሳት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ሊቀጣጠል የሚችል ድብልቅ፣ በቂ እመቃ፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ፍንጣቂ። አሁን ጥያቄውን እንዲህ እናዙረው፤ ከሦስቱ መሣሪያው ሳይሠራ ቆሞ ሳለ የሚያረጀው የቱ ነው? ብረት ሳይንቀሳቀስ አይበላም። የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው ቦቢናም ደረቅ ቦታ እስከተቀመጠ ድረስ በጥቂት ወራት የሚያልቅ ዕቃ አይደለም። ቤንዚን ግን ቆሞ ያረጃል።

ቤንዚን ቆሞ ምን ይሆናል?

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ ይምሰል እንጂ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። አንዳንዶቹ ቀላል ናቸው፤ ክዳን ሲከፈት ወዲያው በንነው ይሄዳሉ። አፍንጫ የሚመታው ሽታም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ሌሎቹ ከባዶች ናቸው፤ በቀላሉ አይተኑም።

የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ እንፋሎት የሚሰጡት በዋናነት እነዚያ ቀላሎቹ ናቸው። ቆይቶ እነሱ ከበነኑ የቀረው ፈሳሽ መልኩ ቤንዚን ቢመስልም ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት ሰነፍ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። የቀሩት ፈሳሾች በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ ይዋሃዱና ወደሚያጣብቅ ሙጫ ይለወጣሉ። ክዳኑ ሳይዘጋ የተረሳ የቀለም ቆርቆሮ ያስቡ፤ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ከዚያ ቆዳ ያወጣል፣ በመጨረሻ ይጋገራል። ሽታውም ይመሰክራል፤ ያረጀ ቤንዚን ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱን ትቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፣ ቀለሙም ይጠቁራል።

«ታንኩን ከፍቼ አየሁት፤ ቤንዚኑ ደህና ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ታንኩ ውስጥ ያለውና ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እኩል አለማርጀታቸው ነው። ታንኩ ሊትሮች ይይዛል፣ ክዳንም አለው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ትንሽ ሳህን ግን ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ ትይዛለች፤ ለሥራዋ ስትልም አየር የሚያገኛት ቀዳዳ አላት። ስለዚህ ታንኩ ገና ሳይጎድል እሷ ትደርቃለች።

የነዳጁ መዝጊያ ክፍት ሆኖ ከተረሳ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሳህኗ ውስጥ ያለው ሲተን በውስጧ ያለው ተንሳፋፊ ይወርዳል፣ መግቢያው ይከፈታል፣ ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን ይገባል። እሱም ይተናል፤ ሌላ ይተካል። በእያንዳንዱ ዙር የሚበነው ይበናል፣ ሙጫው ግን ይቀራል። ውሃ በተደጋጋሚ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ግርጌው ላይ ቅርፊት የሚያበጀው በዚሁ መንገድ ነው።

ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሌላ ጣጣ አለው። ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ሆኖ ከቤንዚኑ ይለይና ግርጌ ይዘቅጣል፤ ሞተሩ የሚጠጣውም ከግርጌ ነው።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ቁርጥ ያለ ቀን የለውም፤ ሙቀቱ፣ የታንኩ መጠንና የቤንዚኑ ዓይነት ይወስኑታል። ለአነስተኛ ሞተሮች በሚሰጥ ምክር ግን 30 ቀን የተለመደ ገደብ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚቆም ሞተር ነዳጁን ማፍሰስ ወይም ማቆያ መድኃኒት መጨመር ይመከራል።

አንዲት ቀዳዳ ይህን ያህል ምን ታደርጋለች?

ካርቡሬተር የሽቶ መርጫ ነው ቢባል ብዙም አይጋነንም። ፒስተኑ ሲወርድ አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ይሮጣል፤ ሲሮጥ እዚያ ቦታ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ግፊት ከታች ካለችው ሳህን ቤንዚን ወደ ላይ ይስባል። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚሳብ የምትወስነው መንገድ ላይ ያለች፣ በልክ የተበሳች ቀዳዳ ናት። ቀዳዳዋ ያለችበት ትንሽ የናስ ቁራጭ ጄት ይባላል። በተለመደው አነስተኛ ሞተር ሁለት ጄቶች አሉ። ዋናው ጄት ሞተሩ ሲጫን የሚያበላው ነው። ትንሹ ጄት ደግሞ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሠራ የሚያበላው ሲሆን ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

እስቲ እናስላው። የ0.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን 0.05 ሚሊሜትር ሙጫ ተለጠፈ እንበል፤ ይህ የአንድ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ያህል ነው። የቀዳዳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር 0.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ሩቡን ብቻ ያጣ ይመስላል። የሚያሳልፈው መጠን ግን የሚለካው በቀዳዳው የገጽ ስፋት ነው፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። በዓይን የማይታይ ሽፋን ከቤንዚኑ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ወሰደ ማለት ነው።

ቤንዚን በደንብ የሚቃጠለው 1 ግራም ቤንዚን ከ14.7 ግራም አየር ጋር ሲገናኝ ነው። ቤንዚኑ ወደ 56 በመቶ ሲወርድ ለያንዳንዱ ግራም 26 ግራም አየር ይደርሰዋል። እንዲህ የሳሳ ድብልቅ በእንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ በካንዴላ እሳት አይያያዝም። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ከመደበኛውም የወፈረ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ቾክ የተሠራው አየሩን አንቆ ድብልቁን ለማወፈር ነው። ቾክ ግን የሳሳን ያወፍራል እንጂ የተደፈነን አይከፍትም።

ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት እንዴት ይታወቃል?

በእጄ ያለፈ አንድ ጀነሬተር ልጥቀስ። ሰባት ወር ገደማ ቆሟል፤ ታንኩ በግማሽ ነው፤ የነዳጁ መዝጊያ ክፍት ሆኖ ተረስቷል። ባለቤቱ አዲስ ካንዴላ ገጥሞለት ሁለት ቀን ታግሎታል።

መጀመሪያ ያየሁት ዘይቱን ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጀነሬተሮች ዘይት ሲጎድል የካንዴላውን እሳት የሚያጠፋ ጠባቂ አላቸው። ዘይቱ ትንሽ ጎድሎ ወይም መሣሪያው ያዘነበለ መሬት ላይ ቆሞ ከሆነ ሞተሩ እንደልቡ ይዞራል፣ እሳት ግን የለውም። ካርቡሬተሩ በከንቱ ከተፈታ በኋላ ይህ የተገኘበት ጊዜ አለና ቀድሞ ማየቱ ጊዜ ይቆጥባል። የዚህኛው ዘይት ሙሉ ነበር፤ ማብሪያ ማጥፊያውም በርቷል።

ቀጥሎ ቾኩን ዘግቼ ገመዱን ስድስት ጊዜ ሳብኩና ወዲያው ካንዴላውን ፈታሁ። ይህ ዕቃ መለዋወጫ ብቻ አይደለም፤ ከሲሊንደሩ ውስጥ የወጣ ምስክር ነው። ጫፉ በቤንዚን ረጥቦ ከወጣ ቤንዚን እየደረሰ ነው፤ ጥፋቱ እሳቱ ላይ ወይም የቤንዚኑ ጥራት ላይ ይፈለጋል። ደርቆ ከወጣ ቤንዚን አልደረሰም። የዚህኛው ደረቅ ነበር፤ ሽታም አልነበረውም።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን እሳት በሚያመጣለት ሽቦ ላይ መልሼ ሰክቼ፣ ብረታማ ጎኑን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቼ ገመዱን ሳብኩ። ጠንካራ ሰማያዊ ፍንጣቂ ታየ። ይህን ሲያደርጉ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳና ከማንኛውም የቤንዚን ጠብታ ያርቁት፤ በእጅ መያዝ ካለብዎትም በጎማው በኩል ይያዙት።

ከዚያ ወሳኙ ሙከራ መጣ። ከአዲስ ቤንዚን የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሬ፣ ካንዴላውን መልሼ አጥብቄ ሳብኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጮኸ፣ ጠፋ።

ባለቤቱ ሲጠፋ ከፋው፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። እነዚያ ሁለት ሰከንዶች ብዙ ነገር ነግረውኛል። እመቃው በቂ ነው፣ እሳቱ አለ፣ በሰዓቱም ይመጣል። በእጅ የሰጠሁትን ቤንዚን አቃጥሎ ሲጨርስ የሚተካለት አጣ። ስለዚህ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ሲሊንደሩ ባለው የቤንዚን መንገድ ላይ ነው። ልኩ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ሲበዛ ካንዴላውን ያሰጥማል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይትም ያጥባል።

ሲፈታ ምን ተገኘ?

ነዳጁን ዘጋሁና ከሳህኗ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁ። ሳህኗን የሚሞላ ቤንዚን መውጣት ሲገባው ጥቂት ሻይ የመሰለ ጠብታ ብቻ ወጣ። ሳህኗን ሳወርዳት ግርጌዋ የደረቀ ሙጫ በመሰለ ቡናማ ሽፋን ተለብጧል።

ዋናው ጄት መሐል ላይ ባለው ዘንግ ውስጥ ነው፤ በቀጭን ካቻቢቴ ይፈታል። ፈትቶ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ ንጹሕ ጄት ክብ የብርሃን ነጥብ ያሳያል። ይኸኛው ጨለማ ነበር። የካርቡሬተር ማጽጃ ረጭቼ ዐሥር ደቂቃ ተውኩትና ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኩት አንድ ቀጭን የመዳብ ክር አስከፈትኩት። የብረት ሽቦ ወይም መርፌ አይጠቀሙ፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ ይፋቃል፣ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይጠጣል። ጎማ የሆኑትን ክፍሎችም ከማጽጃው ያርቋቸው፤ አንዳንዶቹ ያብጣሉ።

አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ፣ አዲስ ሞልቼ፣ ገጣጥሜ ሳብኩ። ተነሳ። ቾኩን ስከፍት ግን ጠፋ። ቾኩን በግማሽ ስተወው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል ወይም ካርቡሬተሩን ጠቅላላ ይቀይራል። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው። ቾክ ተዘግቶ ብቻ የሚሠራ ሞተር አሁንም ቤንዚን ያንሰዋል። ያለ ጭነት ሲሠራ ከፍ ዝቅ የሚለው ደግሞ ያ ትንሹ ጄት እንዳልተከፈተ ይጠቁማል። ድብልቁ ሲሳሳ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍጥነት ጠባቂው መግቢያውን ይከፍትለታል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይወርዳል። ትንሹ ጄት ሳህኗ ውስጥ ስለሌለ ነው የሚረሳው። በብዙ ጀነሬተሮች ላይ ከካርቡሬተሩ አናት፣ ሞተሩ ያለ ጭነት የሚሠራበትን ፍጥነት በሚያስተካክለው ብሎን አጠገብ ወይም ሥር ተደብቆ ይገኛል። ሥራውን ስጀምር እኔም አንድ ካርቡሬተር ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ይህን አልነካሁትም ነበር።

ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። እሱንና የመጣበትን ቀዳዳ አጽድቼ መለስኩት። በሁለተኛው ሳብ ተነሳ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ቾኩን ስከፍት ድምፁ ረጋ።

ቤንዚኑ እየደረሰም ባይነሳስ?

ካንዴላው ረጥቦ ከወጣ በመጀመሪያ አሮጌውን ቤንዚን ከታንኩም ከሳህኗም ደፍተው አዲስ ይሙሉ። ካንዴላውን ያድርቁ፣ ቾኩን ከፍተው ጥቂት ጊዜ ይሳቡና የተትረፈረፈው ይውጣ። ከዚያ በኋላ እሳት ከሌለ ወይ ዘይት ጠባቂው፣ ወይ አይጥ የቆረጠው ሽቦ፣ ወይ በቦቢናውና ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ መዘውር፣ በቮላኖው፣ ማግኔት መካከል የተነሳ ዝገት ሊሆን ይችላል።

ገመዱ ከወትሮው እጅግ ከቀለለ ደግሞ እመቃውን ይጠርጥሩ። ሞተር ሲጠፋ አንዱ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ሊቆም ይችላል። በዚያ ክፍተት ለወራት እርጥበት ይገባል፤ የቫልቩ ዘንግ ይዝጋል ወይም በሙጫ ይያዛል፣ ሲዞርም አይዘጋም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ይሳቡ። ገመዱ ከከበደ የደረቁት የፒስተኑ ፋሻዎች ነበሩ፤ ለውጥ ከሌለ ቫልቩ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ አነስተኛ ሞተሮች ገመዱን ለማቅለል በዝግታ ሲዞሩ እመቃውን የሚያስተነፍስ ዘዴ አላቸው። ማነጻጸር ያለብዎት ያው ሞተር ደህና ሳለ ከነበረው ክብደት ጋር ነው።

ሞተርሳይክል ከሆነ ባትሪውንም ይለኩ። ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም ያለው የደከመ ባትሪ በዚያው ቅጽበት ለካንዴላው የሚተርፍ ኃይል ላይኖረው ይችላል። ካርቡሬተር የሌለው፣ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚረጭ ሞተር ላይም ጄት መፈለግ አይጠቅምም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚደመጠው ቁልፉ ሲከፈት የፓምፑ አጭር ድምፅ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆምስ?

ሞተሩ እየሠራ ሳለ የነዳጁን መዝጊያ ይዝጉና በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ከዚያ የሳህኗን ማፍሰሻ ብሎን ይፍቱ፤ ሞተሩ ሊስበው ያልቻለ ጥቂት ቤንዚን ግርጌ ይቀራልና። ታንኩ ውስጥ ለሚቀረው ማቆያ መድኃኒት የሚጨምሩ ከሆነ ቤንዚኑ አዲስ ሳለ ይሁን፤ ያረጀውን አያድሰውም። ከጨመሩ በኋላም መዝጊያውን ከመዝጋትዎ በፊት ሞተሩን ዐሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ድረስ መድረስ አለበት።

በመጨረሻም ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተው ገመዱን በቀስታ ይሳቡ፤ እጅዎ ላይ ከበድ ሲልዎት እዚያው ያቁሙት። በዚያ ቦታ ፒስተኑ እያመቀ ነው፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል፤ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት በር አያገኝም።